«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ስንት ብር ያስከፍላል?

ምስል፦ ስታዲየም አካባቢ ያለች ጠባብ የሞባይል ሱቅ። ከመስታወቱ መደርደሪያ በላይ በደማቅ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

ተራኪ፦ ከስታዲየም ተነስታችሁ ወደ ሜክሲኮ በእግር ብትሄዱ ይህን ወረቀት በብዙ ሱቆች ታገኙታላችሁ። ባለሱቁ ለምን እንደለጠፈው ይገባኛል። ኪራዩ ወር ሳይሞላ ይደርሳል፤ ከአንድ ስልክ የሚያገኘው ትርፍም ትንሽ ነው። ደንበኛ ተመልሶ «ገንዘቤን» ሲለው የቀኑን ሽያጭ በሙሉ የተነጠቀ ያህል ይሰማዋል። ይሁን እንጂ ወረቀቱ ባለሱቁን አይጠብቀውም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ሻጩ ከዚህ የተሻለ ዋስትና ከሰጠ ደግሞ ያ ዋስትና ይጸናል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን መብት አያስቀርም።

«ጉድለት» የምትለዋን ቃል ግን ልብ በሉ። «ቀለሙ አላማረኝም» ወይም «ሌላ ሱቅ በርካሽ አገኘሁት» ማለት ጉድለት አይደለም። ስለዚህ ቅሬታ ሲመጣ ባለሱቁ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ዕቃው ጉድለት አለበት ወይስ የለበትም? ጠቡ የሚነሳው ይህ ሳይጣራ ስለ ገንዘብ መነጋገር ሲጀመር ነው።

ምስል፦ ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት የስልክ ካርቶን በፌስታል ይዘው ይገባሉ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣት ሻጭ ቆሟል።

ሴትዮዋ፦ አንተ ልጅ፣ ይህ ስልክ ዘጠኝ ቀን እንኳ አልሞላውም። ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው አድሬ ጠዋት ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ገንዘቤን መልስልኝ!

ሻጩ፦ ይቀመጡ እናቴ። እስቲ እዚሁ ፊትዎ ላይ አብረን እንየው። ችግሩ የስልኩ ከሆነ ዛሬውኑ መፍትሔ እሰጥዎታለሁ።

ተራኪ፦ ሻጩ ገና ምንም ቃል አልገባም። «እመልሳለሁ» አላለም፤ «አይመለስም» ብሎ በሩንም አልዘጋም። ቃል የገባው ምርመራው ፊታቸው ላይ እንደሚደረግና መልሱ ዛሬ እንደሚሰጥ ብቻ ነው። ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ቢገባ ኖሮ በኋላ የሚናገረው እውነት ቢሆን እንኳ ማን ያምነዋል?

ምስል፦ የስልኩ የመደወያ ሰሌዳ። ሻጩ ቁጥሩን ይጽፋል።

ተራኪ፦ መጀመሪያ ስልኩ የተሸጠው ስልክ ራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። በመደወያው ላይ *#06# ሲጻፍ IMEI የተባለው መለያ ቁጥር ይወጣል። ያን ቁጥር ከካርቶኑና ከደረሰኙ ቅጂ ጋር ያመሳክራል። በአዲስ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ስልክ ተደርጎ ሲመለስ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። እርግጥ ይህ የሚሠራው በሽያጩ ቀን ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ከነበረ ነው። ያልጻፈ ባለሱቅ የሚያመሳክርበት ነገር የለውም።

ቀጥሎ የቻርጀር መሰኪያውን በባትሪ ብርሃን ያያል። ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር የኪስ ብናኝ መሰኪያው ውስጥ ገብቶ እየተጠቀጠቀ ገመዱን ዘልቆ እንዳይገባ ማገዱ ነው። ምልክቱም ገመዱ ሲሰካ እንደ ወትሮው ቀጭ ብሎ አለመግጠሙ ነው። ስልኩን አጥፍቶ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ማውጣት ይበቃል። መርፌ መጠቀም ግን የውስጡን ነጥቦች ይጎዳል። በዚህ ብቻ የሚያልቅ ቅሬታ ሞልቷል፤ ደንበኛውም ስቆ ይሄዳል።

የእኒህ ሴት ስልክ መሰኪያ ግን ንጹህ ነው። ሻጩ የእሳቸውን ቻርጀር በሌላ ስልክ ይሞክራል፤ ይሠራል። ከዚያ በደህናነቱ የሚያውቀውን የሱቁን ቻርጀር በእሳቸው ስልክ ላይ ይሰካል። ስልኩ ኃይል ይቀበልና ገመዱ ትንሽ ነካ ሲደረግ ይቋረጣል። ስለዚህ ችግሩ ከቻርጀሩ አይደለም፤ መሰኪያው ውስጥ ነው።

ምስል፦ የሲም ካርድ ማስቀመጫው ተስቦ ይወጣል። ውስጥ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች።

ተራኪ፦ በብዙ ስልኮች የሲም ካርዱ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ሲነካት ከነጭ ወደ ቀይ የምትለወጥ ትንሽ ወረቀት አለች። እዚህ ነጭ ናት። የስልኩ ጠርዝም ሆነ የመሰኪያው አፍ የመውደቅ ወይም የመጎርጎር ምልክት የለውም። ስለዚህ ሚዛኑ የሚያደላው የፋብሪካ ጉድለት ወደመሆኑ ነው።

ወረቀቷ ቀይ ብትሆንስ? ስልኩ ውሃ እንደነካው ትናገራለች፤ መቼ እንደነካው ግን አትናገርም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሻጭ ስልኩን ሲሸጥ የሲም ካርዱን ቦታ ከፍቶ «ይዩት፣ ነጭ ነው» ብሎ የሚያሳየው። ቻርጀሩንም እዚያው ሰክቶ ያሳያል። በሽያጩ ቀን የጠፋች አምስት ደቂቃ በዘጠነኛው ቀን የሚነሳን ክርክር ታስቀራለች።

ሴትዮዋ፦ እሺ፣ እንግዲህ አየኸው። ሌላ ስጠኝ እንዳልል ፈራሁ። ገንዘቤን ነው የምፈልገው።

ተራኪ፦ ብዙ ባለሱቅ የሚደነግጠው እዚህ ነው። ስልኩ 23,000 ብር ተሽጧል እንበል። ዓይኑ የሚያርፈው 23,000 ላይ ነው። የሱቁ ኪሳራ ግን 23,000 አይደለም፣ ምክንያቱም ስልኩ ተመልሷል። እስቲ እናስላ።

ምስል፦ በወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የሚጻፉ ቁጥሮች።

ተራኪ፦ ባለሱቁ ስልኩን ከአስመጪው በ20,700 ብር ገዝቶታል፤ ትርፉ 2,300 ነበር። አስመጪው ጉድለት ያለበትን ስልክ የሚቀይር ከሆነ ባለሱቁ ያጣው ያንን ትርፍና የትራንስፖርት ወጪውን ብቻ ነው። አዲሱን ስልክ ሲሸጥ ደግሞ ትርፉም ይመለሳል።

አስመጪው አልቀይርም ቢል በ1,200 ብር መሰኪያውን ያስጠግናል፤ ከዚያም መጠገኑን በግልጽ ተናግሮ በ19,000 ይሸጠዋል እንበል። ለግዢና ለጥገና ያወጣው 21,900 ነው፤ 19,000 ሲመለስለት 2,900 ብር ይጎድለዋል። ይህም ሌላ አንድ ስልክ ሸጦ ከሚያገኘው ትርፍ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ያማል፣ ግን 23,000 አይደለም። ሴትዮዋን ጮኸው እንዲወጡ፣ ከዚያም ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው እንዲከሱ ከማድረግ ጋር ሲነጻጸር ምርጫው ከባድ አይመስለኝም።

ደግሞ ማንም የማያስበው ሌላ ኪሳራ አለ። ሱቁ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ ከ23,000 ብሩ ውስጥ 3,000 የታክስ ነው፤ 20,000 ሲደመር 15 በመቶ ማለት ነው። ገንዘቡን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጥቶ ዝም ካለ ሽያጩ በማሽኑ ላይ እንዳለ ይቀራል። በወሩ መጨረሻ ባልተካሄደ ሽያጭ 3,000 ብር ታክስ ይከፍላል። ይህ ከስልኩ ጉድለት ኪሳራ ይበልጣል! ስለዚህ ዋናውን ደረሰኝ ይቀበላል፣ ተመላሹን በሕጋዊ ሰነድ ይመዘግባል፣ ደንበኛዋ ይፈርሙበታል፣ ሒሳብ ሠራተኛውም በዚያው ወር ያውቀዋል።

ምስል፦ ሻጩ በራሱ ስልክ ላይ የደረሰውን የክፍያ መልእክት ይፈልጋል።

ሻጩ፦ እናቴ፣ በቴሌብር ነበር የከፈሉት። ወደዚያው ቁጥር ልመልስልዎ።

ሴትዮዋ፦ የልጄ ቁጥር ነው እሱ።

ሻጩ፦ እንግዲያው ለእሷ ነው የሚገባው። ይደውሉላትና ሲደርሳት ትንገረን።

ተራኪ፦ ገንዘብ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በቴሌብር የተከፈለ ወደ ከፈለው ቁጥር፣ በባንክ የተላለፈ ወደ ላከው ሒሳብ። «ለወንድሜ ላክልኝ» የሚለውን ጥያቄ መቀበል ነገ እውነተኛው ከፋይ መጥቶ ድጋሚ እንዲጠይቅ በር ይከፍታል። ክፍያ መፈጸሙም የሚረጋገጠው ከሱቁ ከራሱ መልእክት ነው። ደንበኛው በስልኩ የሚያሳየውን ምስል ማንም ሊያቀነባብረው ይችላል።

እስካሁን ያየነው ጉድለቱ የተረጋገጠበትን ጉዳይ ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ሲመጣ መልሱ «አይ» ነው፤ ነገር ግን ስንጥቁ የት እንደጀመረ በጣት እየተጠቆመ፣ ምክንያቱ በወረቀት ተጽፎ፣ የሚታመን ጠጋኝ እየተጠቆመ። ሐሳቡን ለቀየረ ሰው ደግሞ እሽጉ ካልተከፈተ በሌላ ዕቃ መለወጥ ይቻላል፤ ይህ የባለሱቁ ፈቃድ እንጂ ግዴታው አይደለም።

አሁን ስለ «ነገ ና» እንነጋገር። እንደ እኔ እምነት መተማመንን የሚገድለው እምቢታ ሳይሆን ይህች ቃል ናት። ብዙ ጊዜ የምትመጣው ባለቤቱ ሱቅ ስለሌለ ነው። ሻጩ ልጅ የመወሰን ሥልጣን የለውም፣ ያንን መናገርም ያፍራል፣ ስለዚህ «ነገ ና» ይላል። ደንበኛው ነገ ይመጣል፣ ባለቤቱ አሁንም የለም። በሦስተኛው ቀን የሚመጣው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ሰው ጋር አይገናኝም፤ ቁጣው ከስልኩ አልፎ ሰውን ይነካል። ከዚህም በላይ የ15 ቀኑ ጊዜ እየሄደ ነው፤ ደንበኛው ሆን ተብሎ ቀኑ እንዲያልፍበት እንደተደረገ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ባለቤቱ ለሻጩ ወሰን ያስቀምጥለት። ለምሳሌ እስከ 1,000 ብር የሚያወጣ ቻርጀር ወይም ገመድ ማንንም ሳይጠይቅ ይቀይር። ከዚያ ለሚበልጠው ደንበኛው ፊት ለባለቤቱ ይደውል። ወደ ጠጋኝ መላክ የግድ ከሆነ ስልኩን የተቀበለበትን ቀን፣ መለያ ቁጥሩን፣ የታየውን ችግርና መልስ የሚሰጥበትን ቀንና ሰዓት የያዘ ወረቀት ይስጥ። «ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ ጥገናው ባያልቅ እንኳ በሰዓቱ መደወል ይገባል።

ምስል፦ መስመር የተሰመረበት ደብተር። ዓምዶቹ፦ ቀን፣ የስልኩ ዓይነት፣ ችግሩ፣ የተገዛበት አስመጪ፣ ውሳኔው።

ተራኪ፦ ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ሻጩ ጉዳዩን እዚህ ደብተር ላይ ይጽፋል። በአንድ ጊዜ ከመጣ ጭነት ሁለተኛና ሦስተኛ የመሰኪያ ቅሬታ ከተመዘገበ፣ የቀሩትን ስልኮች መሸጥ አቁሞ ደብተሩን ይዞ አስመጪው ዘንድ መሄድ ነው። አስመጪው ስንት ቀን እንደሚሰጥም በዚያው ይጠየቅ። እሱ ሰባት ቀን ብቻ ሰጥቶ ባለሱቁ ለደንበኛው 15 ቀን ተጠያቂ ከሆነ፣ በመካከል ያለው ስምንት ቀን ከባለሱቁ ኪስ ነው የሚከፈለው። ስለዚህ ቀጣዩ ጭነት ከመገዛቱ በፊት ቢያንስ የ15 ቀን የመቀየሪያ ጊዜ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የግድግዳውም ወረቀት እንዲህ ተብሎ ይቀየር፦ «ጉድለት ያለበት ዕቃ ከደረሰኙና ከካርቶኑ ጋር በ15 ቀን ውስጥ ይቀየራል ወይም ገንዘቡ ይመለሳል። ሲገዙ እዚሁ ይሞክሩት።»