የሰንጠረዥ ፎቶ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ቀለሙና ቦልዱ የት ይሄዳል?

እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ የማወራችሁም የሰንጠረዥ ፎቶ ወደ ጽሑፍ ስንቀይር ስለሚጠፋ ነገር ነው። ፊደልና ቁጥሩን ማለቴ አይደለም፣ እሱ ጥርት ያለ ፎቶ ከሆነ ብዙም አያስቸግርም። የሚጠፋው ቀለሙና ቦልዱ ነው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ ከጠፋ በኋላ ጽሑፉ ምንም የጎደለው አለመምሰሉ ነው።

እስቲ የሁለት መጋዘን ዕቃ የተመዘገበበት ሰንጠረዥ አስቡ። የመጀመሪያው ወንበር 40፣ ጠረጴዛ 25፣ ከስሩ የመጋዘኑ ስምና 65 በቦልድ። ሁለተኛው ወንበር 30፣ ጠረጴዛ 10፣ ከስሩ በቦልድ 40። መጨረሻ ላይ በቦልድ 105። "ድምር" የሚል ቃል የትም የለም፣ ፎቶውን የሚያይ ሰው ግን ድምቀቱን አይቶ ወዲያው ይገባዋል። ይሄ ወደ ሲኤስቪ፣ ማለትም ጽሑፍና ቁጥር ብቻ ወደሚይዝ ፋይል፣ ሲገባ ሰባቱም መስመር እኩል ይሆኑና አንድ ሰው ኮለሙን ሙሉውን ሲደምረው 315 ይመጣለታል፣ ልክ የ105 ሦስት እጥፍ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዕቃ አንዴ በራሱ አንዴ በመጋዘኑ አንዴ በጠቅላላው ተቆጥሯል።

ስለዚህ እኔ አንድ ኮለም እጨምራለሁ፣ "የመስመር ዓይነት" ብዬ፣ ውስጡ ዝርዝር፣ ንዑስ ድምር ወይ ጠቅላላ ድምር ይገባል። አንዳንዱ ሰው ቁጥሩን በ`**` ከቦ ቦልዱን ያቆየ ይመስለዋል፣ ለማንበብ ብቻ ከሆነ እሺ፣ ግን ኤክሴል ውስጥ ሲገባ `**65**` ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ጽሑፍ ይሆናል። ደግሞ ድምር ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ከላይ ያሉትን ደምሩ፣ 40 እና 25 ተደምረው 65 ካልመጣ ወይ አንድ ቁጥር በስህተት ተነቧል ወይ ቦልዱ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው የሚለው፣ ወደ ፎቶው ተመለሱ።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ ያቺ 25 ያለችበት ሴል ቢጫ ናት እንበል፣ ከሰንጠረዡ ስር ደግሞ ቢጫ ማለት ገና ያልተረጋገጠ ነው ይላል። እዚህ ጋ "ሁኔታ" የሚል ኮለም ከፍቼ "ያልተረጋገጠ" ብዬ እጽፋለሁ፣ "ቢጫ" ብቻ ብጽፍ ማብራሪያው ከፎቶው ጋር ሲቀር አንባቢው ምን ያደርግበታል? 65 እና 105 በዚች 25 ላይ የቆሙ ቢሆኑም ፎቶው ስላልቀባቸው እኔም ምልክት አላደርግባቸውም፣ ከሰንጠረዡ ውጪ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግን እናገራለሁ። ማብራሪያ ከሌለ ደግሞ "ቢጫ የተቀባ፣ ትርጉሙ አልተገለጸም" ብዬ አልፋለሁ፣ መገመት አልወድም፣ ቀይ ሁሉ መጥፎ ነው ያለው ማነው?

ሁሉም ቀለም ግን ትርጉም የለውም። ይዘቱ ምንም ይሁን ምን አንድ መስመር ግራጫ አንዱ ነጭ እያለ ከቀጠለ ዓይን መስመር እንዳይስት የተደረገ ነው፣ ተዉት። በጥቁርና ነጭ ስካን የተደረገ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፣ ያኔ ማብራሪያው ቢኖርም አይረዳችሁም፣ ባለቀለሙን ኦሪጅናል ጠይቁ።