ባዶ አፈሩ ስንት ቀረ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የሥራ ባልደረቦቼ።

«40 ሄክታር የተራቆተ የግጦሽ መሬት ተከልሎ አገግሟል።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሪፖርታችን ውስጥ አይጠፋም። መከለሉን አምናለሁ፤ አጥሩ ይታያል። ማገገሙን ግን በምን አወቅን? ሄክታሩ እኛ የሠራነውን እንጂ መሬቱ ላይ የመጣውን ለውጥ አይናገርም።

ዛሬ ስለ አንድ መለኪያ ብቻ ላውራ፤ ስለ ባዶ አፈር። የደጋ ተዳፋት ላይ ጎርፍ ጠርጎ የሚወስደው ምንም ያልሸፈነውን አፈር ነው። አለካኩ ቀላል ነው። 50 ሜትር ገመድ ትዘረጋላችሁ። በየ50 ሳንቲሜትሩ ቀጭን ዘንግ ቀጥ አድርጋችሁ አውርዳችሁ ጫፉ የነካውን ትመዘግባላችሁ፦ ሣር፣ የወዳደቀ ቅጠል፣ ድንጋይ ወይስ ባዶ አፈር? ነጥቦቹ 100 ስለሆኑ 58ቱ ባዶ አፈር ከነኩ 58 በመቶ ማለት ነው፤ ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልግም። አንድ መስመር ግን አይበቃም። ከተዳፋቱ ላይ፣ መሃልና ታች ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሥራው ሲጀመር ባዶ አፈሩ አጥር ውስጥ 58፣ ውጭ ደግሞ 57 በመቶ ነበር እንበል። ከ3 ዓመት በኋላ ውስጡ 34፣ ውጩ 49 ሆነ። ሪፖርት ጸሐፊው «በ24 ነጥብ ቀነሰ» ብሎ ሊጽፍ ይቸኩላል። ግን ማንም ያልነካው ውጩም በ8 ነጥብ ቀንሷል፤ ምናልባት ዝናቡ ጥሩ ስለነበር። የእኛ ድርሻ ወደ 16 ነጥብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከአጥሩ የተባረሩት ከብቶች የት ሄዱ? አጥሩ ሥር ከተከማቹ ውጩን ያራቁቱታል፣ የእኛ ቁጥር ደግሞ ያለ ሥራው ያምራል። ስለዚህ ማነጻጸሪያው ቦታ አፈሩና ተዳፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ፣ ከአጥሩ ራቅ ያለ ይሁን።

ወቅቱም ያታልላል። መነሻውን በበጋ፣ መጨረሻውን ዝናብ እንዳበቃ የለካ ሰው የትኛውንም መሬት «አገገመ» ማለት ይችላል።

እንግዲህ መስፈርቱን ሥራው ሳይጀመር እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦ «በ3ኛው ዓመት፣ ዝናብ ባበቃ በ2 ሳምንት ውስጥ ሲለካ፣ የባዶ አፈሩ ቅናሽ ከማነጻጸሪያው ቦታ ቢያንስ በ15 ነጥብ ይበልጣል።» 15 ቋሚ ሕግ አይደለም፤ እንደ መሬቱ ይወሰናል። ደጋ ላይ ብርድ ስላለ ሣሩ ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ። አፈሩን የሸፈነው ከብት የማይበላው አረም ከሆነም ለግጦሽ ፋይዳ የለውም። ስለዚህ ከብት የሚበላውን ቋሚ ሣር ለብቻው ቁጠሩት።

ሌላም ልኬት ይቅር አትበሉ። የተከለለ መሬት ማማሩ ብዙ አይገርምም፤ ከብት አልገባበትማ። መሬቱ ለግጦሽ ተከፍቶ አንድ ዓመት ሲሞላው በዚያው መስመር፣ በዚያው ወቅት እንደገና ለኩ። በጀቱን ከአሁኑ ያዙለት፤ ያኔ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

አመሰግናለሁ።