ጉልበት በመራመድ ያልቃል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ ቤተሰቦች! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ጉልበት ነው የምናወራው። አርባውን አልፎ አምሳውን የያዘ ሰው ስለሚያውቀው ጉልበት። ደረጃ ሲወርዱ የሚያም፣ ከበርጩማ ሲነሱ ቋ የሚል፣ ጠዋት ግትር ብሎ ትንሽ ሲንቀሳቀሱ የሚፍታታ። ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ ይሉታል፤ የመገጣጠሚያ መበላት ማለት ነው፣ አልቆይበትም።

ባለፈው ቪዲዮ ስር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መጣ። «ጉልበትሽ ተበልቷል ተብያለሁ፤ ከተራመድኩ የቀረውም አያልቅም ወይ?» ሌላ ነገር ነበር ያዘጋጀሁት። ግን ይሄ ካልጠራ ሌላው ሁሉ አይገባም።

አያልቅም። ልድገመው፤ በልክ ብትራመዱ አያልቅም!

የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አስቡ። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ስትጨምቁት የያዘው ውሃ ይወጣል። ስትለቁት ደግሞ ንጹሑን ውሃ ራሱ ይስባል። ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጨመቅ፣ ለቀቅ። ያው ስፖንጅ ሳይነካ ብዙ ቀን ከተቀመጠስ? ደርቆ ይገተራል፤ ስታጥፉት ይሰነጠቃል።

በጉልበታችሁ ውስጥ አጥንቶቹን የሚሸፍነው ካርቲሌጅም እንዲሁ ነው። የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ስትረግጡ ይጨመቃል፣ እግር ስታነሱ ይስባል። ስለዚህ «እንዳያልቅብኝ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን እያስራበው ነው። የጭኑ ጡንቻም ይሟሽሻል፤ ጡንቻው ሲደክም ሸክሙን የሚቀበለው መገጣጠሚያው ይሆናል። እርግጥ የተበላው ካርቲሌጅ በእንቅስቃሴ ተመልሶ አይበቅልም። ሕመሙ ግን ይቀንሳል።

አሁን ስፖንጁ ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ይጨመቃል እንጂ በደንብ አይለቀቅም። ክብደት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታችሁ ላይ አራት ኪሎ ገደማ ይወርዳል። 84 ኪሎ የሆነች ሴት አምስት ኪሎ ብትቀንስ፣ በየእርምጃው ሃያ ኪሎ ማለት ነው። የጤፍ ከረጢት ከትከሻ እንደማውረድ ቁጠሩት። በነገራችን ላይ «ጾሜም አልቀነስኩም» የምትሉ ብዙ ናችሁ፤ ወጡ ውስጥ የሚገባውን ዘይት እዩት።

እንቅስቃሴው ቀላል ነው። ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ሳትደገፉ ተነሱ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። አሥር ጊዜ፣ አረፍ ብሎ እንደገና። በሳምንት ሦስት ቀን። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና በሦስተኛው ቀን አትተዉት። ትንሽ ቢያም ችግር የለውም። መለኪያው የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደነበረበት ከተመለሰ ልኩ ደህና ነው። ካልተመለሰ ብዛቱን ቀንሱ። (ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ወንበሯን እስክታመጡ አንዴ ንኳት!)

አሁን ወደ ሚያስጨንቀው። ያቺ 84 ኪሎ ያልናት ሴት አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው እንበል። ስቅለት ቀኑን ሙሉ ስትሰግድ ዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ጉልበቷ አብጧል፣ መታጠፍ እምቢ ብሏል። አዲስ በሽታ አይደለም፤ ያልለመደው ሥራ በአንድ ቀን ስለበዛበት የተቆጣ ጉልበት ነው። ታዲያ ምን ታድርግ?

አልጋ ላይ አትዋል። ለሁለትና ሦስት ቀን ስግደቱን፣ ደረጃውንና በርጩማውን ትተው፤ ቤት ውስጥ ግን ትንሽ ትንሽ ትራመድ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ 15 ደቂቃ ትያዝበት። የዳይክሎፌናክ ቅባት ብትቀባ ከሚዋጠው ይልቅ ለጨጓራ ይሻላል። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹን ግን ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይዋጥ። የተቆጣን ጉልበት በኃይል ማሸትም ያባብሰዋል።

መቋሚያ ካላት ደግሞ ትጠቀምበት። ብዙ ሰው የሚያመው እግር ባለበት በኩል ይይዛል፤ ትክክሉ በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኝ ጉልበት ካመማት በግራ እጇ ትያዝ፣ መቋሚያውና የታመመው እግር አብረው ይራመዱ። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው።

እብጠቱ ሲጎድል ወደ ወንበሯ ትመለስ፣ ከቀድሞው በግማሽ ትጀምር። ለከርሞው ስቅለት ደግሞ ከሳምንታት በፊት ጭኗን ታጠንክር፤ ጉልበቷ ካልቻለ አንገቷን ደፍታ ትስገድ።

አንድ ነገር ግን ለይታችሁ እወቁ። ጉልበት በድንገት ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ጨርሶ መርገጥ ካልተቻለ፣ በረዶና ቅባት ላይ ጊዜ አታጥፉ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በጥቂት ቀናት ውስጥ ካርቲሌጁን ሊያበላሸው ይችላል።