መብራት ሲመለስ ታንኩ ምን ላይ ነበር?

የተከበራችሁ የጥገና ባለሙያዎች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች፣ በጅማና በዙሪያዋ ማሽን የምታንቀሳቅሱ ወገኖች፣ እንደምን ዋላችሁ። ለዛሬ የተሰጠኝ ርዕስ የኤስኤፍሲ መግቢያ ነው። መግቢያውን ቶሎ ልጨርስና ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልለፍ።

ኤስኤፍሲ በ1977 ፈረንሳይ ውስጥ ከተነደፈው ግራፍሴት የወጣ፣ ዛሬ በአይኢሲ 61131-3 ስታንዳርድ ውስጥ ያለ የፒኤልሲ ሥዕላዊ ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ደረጃ ነው፤ በሳጥኖቹ መካከል ያለችው አግድም መስመር ደግሞ የመሸጋገሪያ ቅድመ ሁኔታ ናት። ቅድመ ሁኔታው ሲሟላ የነበረው ደረጃ ይጠፋል፣ ቀጣዩ ይበራል። ፒኤልሲያችሁ ሥዕሉን የማይቀበል ከሆነ የደረጃውን ቁጥር በአንድ ተለዋዋጭ ይዛችሁ በ`CASE` ብትጽፉት ያው ነው። መግቢያው ይኸው አለቀ።

አሁን ፈሳሽ ሳሙና የሚሠራ 800 ሊትር ታንክ እንውሰድ። በደረጃ 10 ውሃ ይገባል፤ 720 ሊትር ላይ የተቀመጠው የላይኛው ሴንሰር ሲነካ ይቆማል። በደረጃ 20 ፓምፑ 80 ሊትር ኬሚካል ይጨምራል። በደረጃ 30 መቀላቀያው 15 ደቂቃ ይዞራል። በደረጃ 40 የታችኛው ቫልቭ ተከፍቶ ሳሙናው ወደ ማሸጊያ ይወርዳል። ከ800 ሊትሩ 80ው ኬሚካል ስለሆነ ውህዱ 10 በመቶ ነው።

ታንኩ ውስጥ 400 ሊትር አለ እንበል። እየሞላ ነው ወይስ እየፈሰሰ? ሴንሰሮቹን ብትጠይቋቸው ሁለቱም ጊዜ መልሳቸው አንድ ነው፦ የታችኛው ነክቷል፣ የላይኛው አልነካም። በሴንሰር ብቻ የሚወስን ፕሮግራም ይህን መለየት አይችልም። ለዚህ ነው «የላይኛው ካልነካ ውሃ ክፈት» ብሎ በሪሌይ ሎጂክ የተጻፈ ታንክ፣ ሳሙናው መውረድ ሲጀምር ውሃ መልሶ የሚከፍተው። መቀላቀያው ሞገድ ሲያነሳ ተንሳፋፊው ሴንሰር ከፍ ዝቅ ስለሚል ቫልቩም አብሮ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ደረጃው የተጻፈ ከሆነ ግን ደረጃ 30 ላይ የላይኛውን ሴንሰር የሚጠይቀው የለም።

እዚህ ድረስ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የመጣሁበት ጉዳይ የሚጀምረው መብራት ሲሄድ ነው።

ያው ታንክ ደረጃ 40 ላይ ሆኖ ግማሹ ወርዶ 400 ሊትር ሲቀር መብራት ጠፋ። በዚህ ክረምት ጅማ ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። የደረጃው ቁጥር መብራት ሲጠፋ በሚረሳ ሜሞሪ ውስጥ ስለነበር ፒኤልሲው ከዜሮ ተነሣ፤ ስክሪኑም «ዝግጁ» አለ። ኦፕሬተሩ አረንጓዴዋን ተጫነ። ምን ያድርግ፣ ዝግጁ ነኝ ተብሏል! ውሃ ገባ፣ ግን 320 ሊትር ብቻ፤ የላይኛው ሴንሰር ነካ። ከዚያ 80 ሊትር ኬሚካል ተጨመረ። በቀረው 400 ሊትር ውስጥ 40 ሊትር ኬሚካል ነበረ፤ አሁን 120 ሆነ። ታንኩ እንደ ወትሮው 800 ሊትር ይዟል፣ ማንቂያ አልጮኸም፣ ውህዱ ግን 15 በመቶ ነው። ነገሩ የሚታወቀው ኬሚካሉ ከሂሳብ በፊት ሲያልቅ ወይም ደንበኛ እጄን ለበለበኝ ብሎ ሲመጣ ነው። ያኔም «ኦፕሬተሩ አበላሸው» ይባላል። ኦፕሬተሩ አላበላሸውም! ያበላሸው መብራት አይጠፋም ብሎ ፕሮግራም ጽፎ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የሄደው ሰው ነው!

አንዳንዱ ይህን ሰምቶ የደረጃውን ቁጥር በማይረሳ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጥና ጨረስኩ ይላል። ይህኛው የባሰ ነው። ደረጃ 30 ላይ መብራት ሄደ፤ መቀላቀያው ቆመ። ሠራተኛው አጋጣሚውን ተጠቅሞ ክዳኑን ከፍቶ ምላጩ ላይ የተጠቀለለውን ላስቲክ ሊያወጣ እጁን ሰደደ። መብራት መጣ፤ ፒኤልሲው ደረጃውን አልረሳምና ሞተሩን አስነሣ። ቀሪውን እናንተው ጨርሱት። ክዳን ለመክፈት ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ መቆለፍ ግዴታ ነው፤ ቢሆንም ፕሮግራሙ በራሱ ሞተር የሚያስነሣበት ምክንያት የለም።

ትክክለኛው መንገድ ደረጃውን ማስታወስና በራስ አለመነሣት ነው፤ ሁለቱም አብረው። መብራት ሲመለስ ፒኤልሲው በመጀመሪያው ዙር «ያዝ» ወደሚባለው ሁኔታ ይገባል። ቫልቮቹ ሁሉ ዝግ፣ ሞተሮቹ ሁሉ ጠፍተው፣ ስክሪኑ ላይ «ደረጃ 30፣ ከ15 ደቂቃ 6ቱ አልፏል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ኦፕሬተሩ ታንኩን አይቶ «ቀጥል» ወይም «ሰርዝ» ይላል። ዋናው አካል ይህን ይመስላል፦

```
VAR RETAIN
  Step   : INT;
  DoseL  : REAL;
  MixSec : INT;
END_VAR

IF FirstScan THEN Run := FALSE; END_IF;

IF Run THEN
  CASE Step OF
    10: IF LSH THEN DoseL := 0.0; Step := 20; END_IF;
    20: IF DoseL >= 80.0 THEN MixSec := 0; Step := 30; END_IF;
    30: IF MixSec >= 900 THEN Step := 40; END_IF;
  END_CASE;
END_IF;

WaterValve := Run AND (Step = 10);
Mixer      := Run AND (Step = 30);
```

`LSH` የላይኛው ሴንሰር ነው። `Run`ን እውነት የሚያደርገው የሰው ጣት ብቻ ነው። `DoseL` የፍሰት መለኪያው የሚደምረው የኬሚካል ሊትር ነው፤ 50 ሊትር ላይ መብራት ቢሄድ የሚቀረው 30 መሆኑ ይታወቃል። `MixSec` በየሰከንዱ አንድ የሚጨምረው መቀላቀያው በእውነት ሲዞር ብቻ ነው። በዚህ ቦታ ተራ `TON` አትጠቀሙ፤ መግቢያው በጠፋ ቁጥር ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ከእያንዳንዱ «ያዝ» በኋላ 15 ደቂቃው እንደገና ይጀምራል። ቫልቮቹም መብራት ሲጠፋ በስፕሪንግ የሚዘጉ ይሁኑ። አለበለዚያ ፒኤልሲው ተኝቶ ሳለ ውሃው መግባቱን አያቆምም፤ ያስታወሳችሁት ቁጥርም ውሸት ይሆናል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልንካቸው። በኤስኤፍሲ ለቫልቭ `S` ሳይሆን `N` ተጠቀሙ፤ `N` ደረጃው ሲያልፍ በራሱ ይጠፋል፣ `S` ግን `R` እስኪመጣ ድረስ ክፍት ነው፤ አንድ ሰው `R`ን ከረሳ የሚቀጥለው ሙሌት በታች በኩል ይፈስሳል። ለእያንዳንዱ ደረጃ የጊዜ ጣሪያ ስጡት፦ ውሃው በደቂቃ 60 ሊትር ከገባ 720ው በ12 ደቂቃ ይሞላል፤ 15 ደቂቃ ካለፈ «ያዝ» ይግባና ማንቂያ ይጩህ። የድንገተኛ ማቆሚያውም በሽቦ ኮንታክተሩን በቀጥታ ይቁረጥ፤ ለፕሮግራም አይተው።

አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሥራ ስትረከቡ የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈረማችሁ በፊት ታንኩን በተራ ውሃ ሙሉት፤ በኬሚካሉም ምትክ ውሃ ይሁን። ከዚያ ዋናውን ብሬከር ራሳችሁ አውርዱ፦ ደረጃ 10 መሃል ላይ፣ ደረጃ 20 መሃል ላይ፣ ደረጃ 30 እና 40 ላይም እንዲሁ። በየጊዜው መልሱትና እዩ፤ ምንም ሳይነካ የተንቀሳቀሰ ነገር አለ? ስክሪኑ ትክክለኛውን ደረጃ ይናገራል? «ቀጥል» ሲባል የገባው ሊትር ድምሩ 80 ይሞላል ወይስ ያልፋል? ሥራውን ያመጣው ሰው «ይህን መፈተሽ አያስፈልግም» ካለ ብሬከሩን በእሱ ፊት አውርዱት።