የፊት ሾክ ዘይት፦ ሃያ ሁሉ ሃያ አይደለም

(ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ይታያል።)

እነዚህን ሁለት ጠርሙሶች እዩልኝ። ሁለቱም ላይ «20 ደብልዩ» የሚል ተጽፏል። አንዱ የሞተር ሳይክል የፊት ሾክ ዘይት ነው። ሌላው ሁላችንም የምናውቀው 20-50 የሞተር ዘይት ነው። የዛሬው ጉዳያችን ከእነዚህ ሁለት ጠርሙሶች የመጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ዕቃ አድራሽ ልጅ 150 ሲሲ ሞተሩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ኮብልስቶን ስገባ እጄ ይደነዝዛል፤ መሪው ያመልጠኛል» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ለገሃር ሲመላለስ ነው የሚውለው። ቀደም ሲል አንድ ጋራዥ የፊት ሾኩን ዘይት ቀይሮለት ነበር። ምን እንደጨመሩለት ስጠይቀው «ሃያ ነው ያሉኝ» አለ። የቱን ሃያ?

(ሁለት መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆች። ዘይቱ በየራሱ ቀዳዳ ይንጠባጠባል።)

በሁለቱ ሲሪንጆች እኩል ዘይት አድርጌያለሁ። በግራ በኩል ለልጁ ሞተር የሚሆነው 10 ደብልዩ የሾክ ዘይት አለ፤ በቀኝ 20-50 የሞተር ዘይት። ግራው አልቆ ቀኙ ገና አልተጋመሰም። የዘይት ውፍረት የሚለካው ሴንቲስቶክ በሚባል መለኪያ ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት 10 ደብልዩ የሾክ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ 30 ገደማ ነው። 20-50 የሞተር ዘይት ግን 150ን ያልፋል። በሞተር ዘይት ላይ ያቺ «ደብልዩ» ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ የምትናገር ናት። በሾክ ዘይት ላይ ደግሞ ሁሉንም አምራች የሚያስገድድ ደንብ የለም። ስለዚህ የአንዱ ድርጅት 10 ከሌላው 10 ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ጠርሙሱን አዙራችሁ ከጀርባው ያለውን የሴንቲስቶክ ቁጥር ፈልጉ። እኔ የፊቱን ቁጥር ማመን ከተውኩ ቆየሁ።

(የተፈታ ሾክ። ጣት ቀዳዳዎቹን ያሳያል።)

ሾኩ ውስጥ ምን አለ? ሞላ አለ፤ ቀዳዳ ያለው ቱቦ አለ፤ ከላይ ደግሞ የታፈነ አየር አለ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ተጨንቆ ያልፋል። ሞላው መልሶ ሲዘረጋም እንዲሁ። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል፤ ዘይቱ ፍጥነቱን ይገራል። በእነዚህ ርካሽ ሞተሮች ላይ የቀዳዳው መጠን ስለማይቀየር በእጃችን ያለው ማስተካከያ ዘይቱ ብቻ ነው። ችግሩ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ዘይቱን ስታወፍሩ መውረዱንም መመለሱንም አንድ ላይ ታዘገያላችሁ። አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው አይቻልም።

አሁን ወደ ኮብልስቶኑ እንምጣ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። መሬቱ ሰምጦ በየሜትሩ ጎድጎድ ያለ ሰፈር ውስጥ ከሆናችሁ፣ ጎማው በሰከንድ ስምንት ጊዜ መውረድና መውጣት አለበት። ዘይቱ ወፍራም ሲሆን ሾኩ ከአንዱ ምት ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ከዚያ ሦስተኛው። እየተጫነ፣ እየተጫነ ወርዶ ይቀራል። ወርዶ የቀረ ሾክ ደግሞ ለቀጣዩ ምት ቦታ የለውም፤ ድንጋዩ ቀጥታ ወደ ክንድ ይመጣል።

ይህን የምትለዩበት ምልክት አለው። መጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ደህና ሆነው፣ እየቆየ ከጠነከረባችሁ ዘይታችሁ ወፍሯል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምሮ ደረቅ ከሆነ ግን ሌላም ነገር ፈትሹ፤ ጎማው ከልክ በላይ ተነፍቶም ሊሆን ይችላል። ቆማችሁም መሞከር ትችላላችሁ። የፊት ፍሬን ይዛችሁ መሪውን በደንብ ወደታች ተጫኑና ልቀቁ። ጤነኛ ሾክ ፈጠን ብሎ ይመለሳል፣ አንዴ ይረጋል። የልጁ ሾክ እንደ ማር ነበር የተመለሰው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም አርጅቷል። እንዲህ ያለው ሞተር መታጠፊያ ላይ ይዋዥቃል።

አንድ ነገር ግን ልጁ ወዶት ነበር። ቸርችል ጎዳናን ሲወርድ ፍሬን ይዞ አፍንጫው አይደፋም። እውነት ነው፣ ወፍራም ዘይት መደፋቱን ያዘገየዋል። ግን ፍሬኑን ረዘም አድርጋችሁ ስትይዙ ሾኩ መጨረሻ የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው ዘይቱ ሳይሆን ሞላውና አየሩ ነው። ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ መድረሱ አይቀርም።

(ሥራው። የተቀዳ ዘይት በመለኪያ ዕቃ።)

ፈታነው። የፊት ጎማው በደንብ ከመሬት ይነሳ፤ የላይኛውን ክዳን ስትፈቱም ፊታችሁን ዞር አድርጉ፣ ሞላው ይወረውረዋል። ዘይቱን ቀድተን ስንለካ ቀኙ ከግራው 40 ሚሊ ሊትር ያንሳል። ወፍራም መሆኑ ሳያንስ እኩልም አልነበረም። ሁለቱንም በንጹህ ዘይት አጥበን፣ በየሾኩ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ የሚለውን መጠን 10 ደብልዩ ጨመርን። አየሩ እንዲወጣ ቀስ እያልን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ሳብ ገፋ አደረግነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ልኬት። ሞላው ወጥቶ፣ ሾኩ እስከ መጨረሻው ተጭኖ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ድረስ በማስመሪያ ይለካል። ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት።

ልጁ ሞክሮት ተመለሰ። ኮብልስቶኑ ላይ «ሌላ ሞተር ሆነ» አለ። ቸርችል ላይ ግን ቶሎ ይደፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወደ 15 ደብልዩ ይሮጣል። እኔ ዘይቱን አልነካሁም፤ ደረጃውን 10 ሚሊ ሜትር ከፍ አደረግኩት። የዚህ ቱቦ ውስጡ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 7 ሚሊ ሊትር ዘይት ብቻ ነው የጨመርኩት። ዘይቱ ከፍ ሲል አየሩ ይጠባል። የጠበበ አየር ሾኩ ወደ ታችኛው ጫፍ ሲቃረብ እንደ ሁለተኛ ሞላ ይገፋል፤ ትንንሾቹ ድንጋዮች ላይ ግን ብዙም አይሰማም። ለእሱ ይህ በቃው። 10 ሚሊ ሜትር ጨምሮ ጥሩ ሆነ ብላችሁ 40 እንዳትጨምሩ፤ አየሩ ሲታፈን ዘይቱን የሚይዘው ጎማ፣ ማለትም ሲሉ፣ ይፈነዳና ዘይቱ ፍሬኑ ላይ ይወርዳል።

ስለ ብርድም ልንገራችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ 10 ዲግሪ አካባቢ፣ ዘይት በ40 ዲግሪ ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ ይወፍራል። ጠዋት የወጣችሁ ደቂቃ ሾኩ ቢደርቅባችሁ ወዲያው ዘይት አትቀይሩ፤ ትንሽ ነድታችሁ ፍረዱ።

(ካሜራው ከመቀመጫው ሥር ያለች ወረቀት ላይ ያርፋል።)

ይቺ ወረቀት የልጁ ናት። የዘይቱ ስም፣ የሴንቲስቶክ ቁጥሩ፣ ከቱቦው አፍ ያለው ሚሊ ሜትርና የተቀየረበት ቀን ተጽፎባታል። ቀጣዩ መካኒክ «ሃያ ነው ያሉኝ» የሚል መልስ እንዳይሰማ።