የእጅ ደረሰኝ ሲነበብ ሰው መቼ ይየው?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በዚህ ሙያ ከእኔ በፊት የነበራችሁ አንጋፋ ሒሳብ ያዦች፣ በዚህ ወር ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ ከመድረሱ በፊት ስለ እጅ ጽሑፍ ደረሰኞች አነባበብ እንድናገር ተጠርቻለሁ። የምናገለግላቸውን ሱቆች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ባለሱቁ የዓመቱን የእጅ በእጅ ሽያጭ ጥራዝ ከግዥ ደረሰኞቹ ጋር በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣልናል፤ እኛም እያንዳንዱን ቅጠል ስካነር ላይ እናሳልፋለን፤ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ያነብና ለእያንዳንዱ ንባብ ከመቶ የእርግጠኝነት ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከ90 በላይ ከሆነ ወደ መዝገብ ይገባል፤ ከ90 በታች ከሆነ ወደ ሰው ይመጣል። አሠራሩ ሲጀመር ደግፌው ነበር፤ ዛሬም ፕሮግራሙ ይቅር አልልም። የመጣሁት ወደ ሰው መጥቶ፣ ሰው አይቶት አለፈ ስለተባለ አንድ ደረሰኝ ልነግራችሁ ነው።

ደረሰኙ የአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ነው። በዕቃው ዓይነት ስር «ልዩ ልዩ ዕቃ» ተብሎ ተጽፏል፤ የብዛቱና የአንዱ ዋጋ ቦታ ባዶ ነው፤ በጠቅላላው ዋጋ ላይ ብቻ ቁጥር አለ። ሱቁ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ስላልነበረ የታክስ መስመር የለውም። ፕሮግራሙ ቁጥሩን 7,850 ብሎ አነበበና 88 ነጥብ ሰጠው። ስለዚህ በደንባችን መሠረት ወደ ሰው መጣ። የተመደበችው ልጅ በዚያ ቀን ከ600 በላይ ቅጠሎች ነበሩባት። በስክሪኗ ግራ በኩል የደረሰኙ ምስል፣ በቀኝ በኩል አስቀድሞ የተሞላ 7,850፣ ከስሩም «አጽድቅ» የሚል ቁልፍ ነበር። ምስሉን አየች፤ ቁጥሩን አየች፤ ቁልፉን ተጫነች።

በወሩ መጨረሻ የሱቁ ሽያጭ ከእጅ ገንዘቡ ጋር ሲመሳከር 6,000 ብር ጎደለ። ባለሱቁ አዛውንት ናቸው፤ ከቢሯችን የወጣውን ወረቀት ያምናሉ። ከእርሳቸው በቀር ሳጥኑን የሚነካው ሻጩ ልጅ ብቻ ነበር። ደውለው «እናንተ ያላችሁትን ይዤ ልጁን ከሥራ አግጄዋለሁ» ሲሉኝ ከታገደ 11 ቀን ሆኖት ነበር። ልጁ ከእርሳቸው ጋር 4 ዓመት የሠራ ነው።

ሱቁ ድረስ ሄድኩ። በሒሳብ ሥራ የቆየን ሰዎች የልዩነትን ቁጥር እንደ ምልክት ማንበብ ተምረናል፤ ለወጣቶቹ ስል ላብራራው። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ወይም ዜሮ ተጨምሮ አልያም ተቀንሶ ሊሆን እንደሚችል እንጠረጥራለን፤ 250 ብር ከ00 ሳንቲም 25,000 ሆኖ ሲገባ ልዩነቱ 24,750 ነው፤ ይህም ለ9 ይካፈላል። ልዩነቱ 5፣ 50 ወይም 500 ሲሆን 3 እና 8 ወይም 4 እና 9 ተምታተው እንደሆነ እናያለን። ልዩነቱ 6፣ 600 ወይም 6,000 ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የምንፈልገው 1 እና 7ን፣ ቀጥሎም 0 እና 6ን ነው። ስለዚህ ጥራዙን ተቀብዬ በሺህ ቤት 7 ተብሎ የገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ገለጥኩ። አራተኛው ላይ አገኘሁት። ሻጩ 1ን ሲጽፍ ከላይ ረዥም ቆብ ያደርግለታል፤ በካርቦን ወደ ሁለተኛው ቅጠል ሲያልፍ ቆቡ ጎልቶ፣ እግሩ ደብዝዞ ቀርቷል። ከስሩ ባለው መስመር ግን፣ በዚያው በሻጩ እጅ፣ «አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ብር ብቻ» የሚል በግልጽ ተጽፏል።

ይህን መስመር ፕሮግራሙ እንዲያነብ አላዘዝነውም ነበር። ሠራተኛዋም እንድታነበው አልጠየቅናትም። መልሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሳለ አንድ ወጣት 11 ቀን በሌብነት ተጠርጥሮ ቤቱ ተቀመጠ።

ስለዚህ ጉዳይ በቢሮ ስንነጋገር «የሠራተኛዋ ቸልተኝነት ነው» የሚል አስተያየት ተሰጥቷል። ይህን አልቀበልም። መልሱን አስቀድመን ሞልተን ሰጥተን፣ ቀኑን ሙሉ አጽድቂ ብለን፣ ዓይኗ በተሞላው ቁጥር ሲመራ ጥፋቱ የእርሷ ነው ማለት ፍትሕ አይደለም። 7,850 የሚለውን አስቀድሞ ያየ ሰው፣ ያንን ቆብ ያለው 1 ሲያይ 7 ነው የሚያየው፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማየው። እኛ ማረጋገጫ ብለን የጠራነው ነገር ማኅተም ማስመታት ነበር። ማኅተም ለማስመታት ደግሞ የሰው ዓይን አያስፈልግም፤ የሰው ዓይን ካስፈለገን እንዲያነብ እንፍቀድለት!

ስለዚህ አጥብቄ የምጠይቀው ይህ ነው፦ ወደ ሰው የሚመጣ ደረሰኝ የፕሮግራሙ ንባብ ተሸፍኖ ይምጣ። ሰውየው ምስሉን ብቻ አይቶ ያነበበውን ራሱ ይጻፍ፤ ከጻፈ በኋላ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ንባቦች ያነጻጽር። ከተስማሙ ይለፍ፤ ካልተስማሙ ሁለተኛ ሰው ይየው። ይህ ከአንድ ቁልፍ መጫን የበለጠ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ሰው የሚመጣውን መምረጥ ይኖርብናል፤ የምርጫው ነገር ደግሞ ሁለተኛው ጉዳዬ ነው።

የእርግጠኝነት ነጥቡ የሚነግረን ፕሮግራሙ የአኃዙን ቅርጽ ምን ያህል ከሚያውቀው ጋር እንዳመሳሰለው ነው። ወረቀቱ እውነት ስለመሆኑ አይነግረንም። ወረቀቱ ግን ስለራሱ የሚመሰክርባቸው መንገዶች አሉት። ብዛቱ በአንዱ ዋጋ ሲባዛ ጠቅላላውን መስጠት አለበት፤ መስመሮቹ ሲደመሩ ድምሩን መስጠት አለባቸው፤ ታክስ ካለ 15 በመቶው መግጠም አለበት፤ በአኃዝ የተጻፈው በፊደል ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሚስማር 7 ኪሎ በ140 ብር፣ ጠቅላላ 980 ብር የሚል መስመር ላይ ፕሮግራሙ 7ን 1 ብሎ ቢያነብ፣ 1 ጊዜ 140 የሚሰጠው 140 እንጂ 980 ስላልሆነ ስሕተቱ በዚያው ይጋለጣል፤ ነጥቡ 99 ቢሆንም ይጋለጣል። በተቃራኒው ነጥቡ 80 ሆኖ ማባዛቱም፣ ድምሩም፣ የፊደሉ መስመርም ከተስማሙ ሰው ማየቱ ብዙ አይጨምርም። ስለዚህ መለያችን ይህ ይሁን፦ ከአኃዙ ሌላ ቢያንስ አንድ ምስክር ያለውና ምስክሩም የተስማማለት ይለፍ፤ ምስክሮቹ የተጣሉበትና ጭራሽ ምስክር የሌለው ወደ ሰው ይምጣ። «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚሉ ደረሰኞች፣ ብዛት የሌላቸው፣ የፊደሉ መስመር ባዶ የሆነ፣ ነጥባቸው ምንም ያህል ቢሆን ወደ ሰው ይምጡ። ስርዝ ድልዝ ያለበትም እንደዚሁ።

አንድ ነገር ላሳስብ። ምስክሮች ሲጣሉ ሁልጊዜ የተሳሳተው አንባቢው አይደለም፤ ባለሱቁ ራሱ ተሳስቶ አባዝቶ ሊሆን ይችላል። ሰውየው የሚጽፈው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው፤ ትክክል መሆን የነበረበትን አይደለም። ልዩነቱን በማስታወሻ ያስፍርና ጥያቄው ለባለሱቁ ይቅረብ። ደረሰኝን በራሳችን ግምት ማቃናት ከጀመርን ነገ ማንን ልንጠይቅ ነው?

ስለ ቀኑም ልናገር፤ እዚህ ላይ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያሳስተናልና። ባለሱቁ ጳጉሜን 3 ቀን 2015ን 3/13/15 ብሎ ይጽፋል። አስራ ሦስተኛ ወርን የማያውቅ ፕሮግራም 13ን ቀን፣ 3ን ወር አድርጎ ይገለብጠውና ኅዳር 13 ብሎ ይመዘግባል። ቀኑ በመዝገቡ ላይ ምንም እንከን የለውም። ነገር ግን ሒሳቡን ሰኔ 30 ለሚዘጋ ሱቅ ኅዳር 2015 በአንዱ የበጀት ዓመት፣ ጳጉሜን 2015 በሚቀጥለው ውስጥ ነው፤ ሽያጩ ዓመት ተሻገረ ማለት ነው። እዚህም ምስክር አለ፤ በጥራዙ ላይ የታተመው ተከታታይ ቁጥር ነው። 0430 ነሐሴ 29፣ 0432 ጳጉሜን 4 ከሆነ 0431 ኅዳር ሊሆን አይችልም። ቀኑ ከጎረቤቶቹ ቅደም ተከተል የወጣ ቅጠል ሁሉ ወደ ሰው ይምጣ፤ የጎደለ ቁጥርም ካለ ከባለሱቁ ጉርዱ ይጠየቅ።

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን በሚመለከት፣ የሻጩ በአብዛኛው የታተመ ስለሆነ ከደንበኛ መዝገባችን ጋር ማመሳከር ይበቃል። በእጅ የሚጻፈው የገዢው ነው፤ 10 አኃዝ ሆኖ ማባዛትም መደመርም ስለማይመሰክርለት፣ ከዚህ በፊት መዝግበን ካላወቅነው ሰው ይየው።

90 የሚለውን ወሰን በተመለከተ፣ ከሌላ ቦታ የተቀበልነው ቁጥር ነው፤ በእኛ የካርቦን ቅጠሎች ላይ አልተፈተነም። 400 ቅጠሎች ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ያንብቡ፤ ከዚያ ስሕተቶቹ በየትኛው ነጥብ ላይ እንደሚገኙ እንይ። ካለፉትም ከሃያ አንዱ በዕጣ ወጥቶ ሰው ያንብበው፤ ያለፈውን ማንም ካላየ ስንት ስሕተት እንዳለፈ የምናውቅበት መንገድ የለንም።

በመጨረሻ፣ አንባቢው «አልተነበበም» ብሎ የሚጽፍበት ቦታ በስክሪኑ ላይ ይኑር። አሁን የለም፤ ሠራተኛው ቁጥር ካልሞላ ወደሚቀጥለው ቅጠል ማለፍ አይችልም፤ ስለዚህ ይገምታል። «አልተነበበም» የተባለው ቅጠል ወደ ባለሱቁ ይመለስና ጥራዙ ተገልጦ፣ የጻፈው ሰው ባለበት ይነበብ። እኔ ያንን ጥራዝ በገለጥኩበት ቀን ሻጩ ልጅ ተጠርቶ ቢጠየቅ ኖሮ 1 መሆኑን በአንድ ቃል ይነግረን ነበር፤ በእነዚያ 11 ቀናት ግን ማናችንም አልጠየቅነውም።

አመሰግናለሁ።