ቡቺ ያሸተተው ምንድን ነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የክፍል ጓደኞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የሳይንስ ሥራዬ ስለ ውሻ አፍንጫ ነው። የሠራሁትም እዚሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በውሻችን በቡቺ ላይ ነው።

ውሻ ሲያነፈንፍ በሴኮንድ 5 ጊዜ ያህል አየር ይስባል። የገባው አየር አፍንጫው ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። አብዛኛው ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ጥቂቱ ግን ከኋላ ወዳለ ጓዳ ገብቶ እዚያ ቆየት ይላል። የጓዳው ግድግዳ የተጣጠፈ ነው፤ ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት የሞሉትም እሱ ላይ ነው። የእኛ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ቢሆን የውሻ እንደ ዝርያው ከ200 ሚሊዮን ያልፋል። የሚተነፍሰው አየር ደግሞ በአፍንጫው ጎን ባሉት ስንጥቆች ስለሚወጣ ከፊቱ ያለውን ሽታ አይበትንበትም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፦ ቡቺ መሬት ላይ የነሰነስኩትን ዱቄት ሲያሸት ዱቄቱ የቦነነው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ነው።

ፈንጂ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ፍለጋ በአነፍናፊ ውሻ የሚሠራው ለዚህ ነው። መሣሪያ የቀረበለትን አየር ይመረምራል፤ ውሻ ግን ሽታው ወደሚበረታበት እየሄደ ምንጩ ድረስ ይደርሳል።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። አራት የድልህ ጣሳዎችን ክዳን በምስማር በሳሁና በአንዱ ቋንጣ ደበቅኩ። ቡቺን በገመድ ይዤ ዞርኩ። ከ10 ሙከራ 9ኙን አገኘ! ለመምህሬ በኩራት ስነግራቸው “ቋንጣው የት እንዳለ አንተ ታውቅ ነበር?” አሉኝ። አዎ፣ አውቅ ነበር።

በማግስቱ እህቴ እጇን በፌስታል ጠቅልላ ቋንጣውን ደበቀችና ቤት ገባች። እኔም ቦታውን አላወቅኩም። ቡቺ 6 ብቻ አገኘ። ቀጥሎ፣ ሳትነግረኝ፣ አራቱንም ባዶ አደረገቻቸው። እኔ ሦስተኛው ጋ ትንሽ ቆም አልኩ፤ ቡቺም እዚያው ቁጭ አለና ቁራሹን ጠበቀ። ለካ አፍንጫውን ትቶ እኔን ነበር የሚያነበው።

የሠለጠኑትም ከዚህ አያመልጡም። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ፣ ጥናት 18 ውሾች ከነመሪዎቻቸው የፈንጂም ሆነ የአደንዛዥ ዕፅ ሽታ ባልተደበቀበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተፈተኑ። መሪዎቹ ግን ይህ ሽታ አለ ተብለዋል፤ ቀይ ወረቀት ያለበት ቦታም ምልክቱ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። ውሾቹ ብዙ ጊዜ “አገኘን” አሉ፤ በተለይ ቀዩ ወረቀት ጋ።

ሌላው ችግር ሙቀት ነው። ቡቺ እኩለ ቀን ላይ ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ አየሩ በአፉ ስለሚመላለስ በደንብ ማነፍነፍ አይችልም። በዚያ ሰዓት የሞከርኩትን ውጤት አልቆጠርኩትም።

አሁን ጠዋት ነው፣ ቡቺም በር ላይ ነው። እህቴ ጣሳዎቹን እዚህ ትደረድራለች፤ እኔ ጀርባዬን እሰጣለሁ። ቋንጣው የት እንደገባ የምታዩ ሁሉ፣ እባካችሁ ወደዚያ ጣሳ አትመልከቱ።